ማሲንግ ሞዴሌን ምስል አመንጪው ውስጥ ሳስገባው ታወሩ ይወፍራል፤ ምጥጥኑን በምን ልያዘው?

ምሰሶ21

ሰላም ለሁላችሁ። ሦስት ቀን የታገልኩበት ነገር ስለሆነ በዝርዝር ልጻፈው።

ሞዴሉ ቀላል ነው። ከታች 36 ሜትር ስፋትና 9 ሜትር ከፍታ ያለው ባለ ሁለት ፎቅ ፖዲየም አለ። በላዩ ላይ፣ ከፖዲየሙ ፊት 4 ሜትር ወደ ኋላ ገባ ብሎ ታወሩ ቆሟል። የታወሩ ፊት 14 ሜትር ስፋትና 42 ሜትር ከፍታ አለው፤ 12 ፎቅ ነው፣ እያንዳንዱ 3.5 ሜትር። ፖዲየሙ ላይ ደግሞ 0.6 ሜትር ብቻ ወደ ውስጥ የገባ መግቢያ አለ። ካሜራውን ከፖዲየሙ 60 ሜትር ርቀት ላይ ፊት ለፊት አቁሜ፣ ቋሚ መስመሮቹ እንዳይዘሙ ሌንሱን ወደ ላይ አንሸራትቼ ሬንደር አደረግኩት። ማቴሪያል የለውም፣ ግራጫ ሳጥን ብቻ። ምስሉ 1024 በ1024 ፒክስል ነው።

ይህን ምስል ከፕሮምፕት ጋር ለስቴብል ዲፊውዥን ኤክስኤል በምስል-ከምስል መንገድ ሰጠሁት፤ `strength` 0.7፣ 30 እርምጃ። የሚወጣው ያምራል፣ ግን የእኔ ሕንፃ አይደለም። መነሻው ላይ ታወሩ 168 በ504 ፒክስል ነበር፤ ቁመቱ የስፋቱ ልክ 3 እጥፍ። ከወጣው ላይ ስለካው 204 በ480 ሆኗል፤ 2.35 እጥፍ። ፎቆቹን ስቆጥር 9 ናቸው። ፖዲየሙ ደግሞ ባለ ሦስት ፎቅ ሆኖ መጣ።

`strength`ን ወደ 0.35 ሳወርደው ቅርጹ ይጸናል፤ ነገር ግን የማገኘው ግራጫ ሳጥን ላይ የተረጨ ግራጫ እድፍ ነው። ፕሮምፕቱ ላይ «ቀጭን ረጅም ታወር፣ 12 ፎቅ» ብዬ ጽፌያለሁ፤ ምንም አልለወጠም። ምስሉን ለደንበኛ ነው የማሳየው፤ እኔ ያልነደፍኩትን ሕንፃ ማሳየት አልፈልግም። ምክንያቱን የሚያውቅ ካለ ከመፍትሔው በፊት እሱን ቢነግረኝ ደስ ይለኛል።

---

ኮርኒስ

ይሄ እኔም ላይ ደርሷል። ፋይሉን ስታወጣው በሚሊሜትር ነበር ወይስ በሜትር? ሌላኛው ፕሮግራም ውስጥ ስታስገባው አሃዱ ከተምታታ የሞዴሉ መጠን ይዛባል። መጀመሪያ አሃዱን አስተካክልና እንደገና አስገባው።

---

ምሰሶ21

ኮርኒስ፣ አመሰግናለሁ። ግን ሞዴሉን ራሱን አይደለም ያስገባሁት፤ የሬንደሩን ምስል ነው። ምስሉ ላይ ምጥጥኑ ትክክል እንደሆነ ለክቼዋለሁ፤ የሚበላሸው ከዚያ በኋላ ነው።

---

ዳዊት_ሬንደር

ምስል-ከምስልን ተወው። ኮንትሮልኔት ጫን፣ የጥልቀቱን ምረጥ፣ ክብደቱን 1 አድርገው፣ በቃ። ጥልቀቱ ሁሉንም ነገር ይይዝልሃል። እኔ አንድ ዓመት ሙሉ በዚህ ነው የሠራሁት፤ ታወር ወፍሮብኝ አያውቅም።

---

ራሔል_ጥላ

ምሰሶ21፣ ምክንያቱን ስላስቀደምክ ከእሱ ልጀምር። ሁለት የተለያዩ ችግሮች ተደራርበውብሃል። የታወሩ መወፈር አንድ ነው፤ የፎቆቹ ቁጥር መለወጥ ሌላ ነው። መድኃኒታቸውም አንድ አይደለም። ስለዚህ ዳዊት ያለው ለግማሹ ትክክል ነው።

የመወፈሩን ነገር እንይ። ምስል-ከምስል ሥራ ሲጀምር ሬንደርህን ወደ ትንሽ ፍርግርግ ያምቀዋል። በየአቅጣጫው 8 ፒክስል ወደ አንድ ክፍል ስለሚገባ የአንተ 1024 ፒክስል 128 ክፍል ይሆናል። ታወርህ በዚያ ፍርግርግ ላይ 21 ክፍል ስፋት አለው፤ አንድ ፎቅ ደግሞ 5 ክፍል ከትንሽ።

ቀጥሎ ኖይዝ ይጨመርበታል። `strength` 0.7 ማለት ከ30ው እርምጃ 21ዱን ይሠራል ማለት ነው፤ የሚነሳውም ኖይዙ እጅግ በርትቶ ካለበት ቦታ ነው። በመደበኛው የኖይዝ መርሐ ግብር አስልቼዋለሁ፦ እዚያ ቦታ ላይ ሬንደርህ በ28 በመቶ ያህል ኃይል ነው የቀረው፣ ኖይዙ ግን በ96 በመቶ። (ድምሩ ከ100 የሚያልፈው 1 የሚሆነው የካሬያቸው ድምር ስለሆነ ነው።) በዚህ ውስጥ የሚተርፈው ሰፋፊው ነገር ብቻ ነው፤ «መሐል ላይ ጠቆር ያለ ቋሚ ነገር አለ፣ ከኋላው ፈካ ያለ ሰማይ አለ» የሚለው። የታወሩ ጠርዝ በትክክል የቱ ክፍል ላይ እንደሚያልቅ የሚናገረው ቀጭን ልዩነት ሰጥሟል። ግራጫ ሳጥን በፈዘዘ ሰማይ ላይ ሲሆን ደግሞ ልዩነቱ ከመነሻውም ደካማ ነው፤ ቶሎ ይሰጥማል።

ከዚያ ሞዴሉ ኖይዙን ሲያጠራ የጎደለውን ከሚያውቀው ይሞላል። የሚያውቀው ደግሞ የሠለጠነባቸውን ፎቶዎች ነው። መስኮት ይህን ያህል ይሰፋል፣ ፎቅ ይህን ያህል ይቆማል፣ የመኖሪያ ሕንፃ እንዲህ ያለ ትከሻ አለው የሚል ልማድ አለው። የአንተ 3 እጥፍ ከልማዱ ራቅ ካለ ወደ ልማዱ ይጎትተዋል። የተበላሸ ነገር የለም፤ እሱ ዘንድ የአንተ ታወር ስፋት የተረጋገጠ ነገር ሆኖ አልደረሰም።

0.35 ላይ ቅርጹ የጸናው ኖይዙ ስላነሰ ነው። ነገር ግን ኖይዙ ሲያንስ ከባዶ ግራጫ ፊት ላይ መስኮት የሚያወጣበት ቦታም አብሮ ይጠፋል። አንዲት ቁልፍ ቅርጹንም ማቴሪያሉንም አንድ ላይ እየገዛች ስለሆነ መሐል ላይ ብታቆማት ሁለቱም ይጎዳሉ። በዚህ ሦስት ቀን ማለቁ አይገርመኝም።

ወደ ሌላ ነገር ከመሄድህ በፊት አንድ ምርመራ አድርግ። ሲዱን ብቻ እየለዋወጥክ አምስት ምስል አውጣና የታወሩን ምጥጥን ለካ። አምስቱም ወደ አንድ ወገን በአንድ ልክ ከተለጠጡ፣ ኖይዝ ሳይሆን ምስሉ ሲገባ ተለጥጧል ማለት ነው፤ 16 በ9 የሆነ ሬንደር ካሬ ውስጥ ሲጨመቅ እንደሚሆነው። አንዱ 2.2፣ ሌላው 2.7፣ ሌላው 2.4 ካለ ጠርዙ ሰጥሟል። ሁሉም ከ3 በታች ሆነው እርስ በርስ ከተለያዩ ደግሞ መስጠሙም የልማዱ ጉተታም አብረው አሉ።

---

ምሰሶ21

አሁኑኑ ሞከርኩት። 2.35፣ 2.6፣ 2.2፣ 2.7፣ 2.4። ሁሉም ከ3 በታች፣ ሁሉም የተለያዩ። ምስሉ ካሬ ስለነበር መለጠጥ የለም።

እንግዲህ ዳዊት እንዳለው የጥልቀት ኮንትሮልኔት ጫንኩ። ሬንደሩን ሰጠሁት፣ ጥልቀቱን ራሱ ገምቶ አወጣ፣ ክብደቱ 1። ምስል-ከምስሉን ትቼ ከባዶ ኖይዝ ነው የጀመርኩት። የታወሩ ምጥጥን 2.9 ሆነ! ነገር ግን ፎቆቹ 10 ናቸው፣ በሌላ ሲድ 14። ታወሩ 4 ሜትር ወደ ኋላ መግባቱም ጠፍቷል፤ ከፖዲየሙ ጋር በአንድ ግድግዳ የወጣ ይመስላል።

---

ዳዊት_ሬንደር

ክብደቱን ወደ 1.5 ከፍ አድርገው። ሲጠነክር ይታዘዛል።

---

ምሰሶ21

1.5 ላይ ግድግዳው ፕላስቲክ መሰለ፣ ጥላዎቹም ጠቆሩ። ፎቆቹ አሁንም 10።

---

ራሔል_ጥላ

ዳዊት፣ የሌለ መረጃ ክብደት ቢጨመርበት አይመጣም። እንዴት እንደሚሠራ ካየን ለምን እንደሆነ ይገባናል።

ኮንትሮልኔት በ2023 ልቭሚን ዣንግ፣ አንዪ ራኦ እና ማኔሽ አግራዋላ ያቀረቡት ነው። ዋናውን ሞዴል አይነካውም። የመጀመሪያውን አጋማሽ ቅጂ ወስዶ ጥልቀት ወይም ጠርዝ እንዲያነብ ያሠለጥነዋል፤ ያነበበውንም በየእርምጃው ዋናው ላይ ይደምርለታል። ለአንተ ጉዳይ ትልቁ ነገር ይህ «በየእርምጃው» የሚለው ነው። ሬንደርህ በምስል-ከምስል ጊዜ አንዴ ብቻ ገብቶ ኖይዝ ውስጥ ሰጥሞ ነበር። አሁን ግን መሪው ምስል ከኖይዙ ውጭ ሆኖ በእያንዳንዱ እርምጃ እንደገና ይነበባል። ስለዚህ ከሙሉ ኖይዝ ብትጀምርም ታወሩ የት እንደሚያልቅ አይረሳም፤ 2.9 ያገኘኸው ለዚህ ነው።

አሁን የጠፋው 4 ሜትር ነው። ጥልቀቱን ያስገመትከው ከግራጫ ሬንደር ነው። ገማቹ የሚያየው ሁለት እኩል ግራጫ የሆኑ ፊቶችን ሲሆን አንዱ ከሌላው ወደ ኋላ መሆኑን የሚነግረው ጥላ ወይም ቴክስቸር የለውም፤ ስለዚህ ያጣብቃቸዋል። አንተ ግን መገመት ለምን ያስፈልግሃል? ሞዴሉ እጅህ ላይ አለ! ጥልቀቱን በቀጥታ ከሞዴሉ አውጣ። ብሌንደር ውስጥ የዜድ ፓስ የሚባለው የእያንዳንዱን ፒክስል ርቀት በሜትር ይሰጥሃል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚወድቅባቸው ሦስት ቦታዎች አሉ። የመጀመሪያው ሰማዩ ነው። ብሌንደር ምንም ነገር በሌለበት ፒክስል ላይ 10 ቢሊዮን የሚል ርቀት ይጽፋል። ያንን ሳትቆርጥ «ኖርማላይዝ» ካልከው ሕንፃህ በሙሉ አንድ ቀለም ይሆናል። ሁለተኛው አቅጣጫው ነው፤ ኮንትሮልኔት የለመደው ቅርቡ ነጭ፣ ሩቁ ጥቁር ሆኖ ነው። ዜድ ፓሱ ግን በተቃራኒው ነው። ተገልብጦ ከገባ ታወሩ ወደ ፊት ይወጣል፣ ሰማዩም ግድግዳ ይሆናል።

ሦስተኛው ክልሉ ነው፤ 4 ሜትርህን የሚያድነው እሱ ነው። የተለመደው የጥልቀት ምስል 256 ደረጃ ብቻ አለው። ከ20 እስከ 500 ሜትር ያለውን ሁሉ፣ ከኋላ ያሉትን የአካባቢ ሳጥኖች ጨምረህ ብትዘረጋበት አንድ ደረጃ ወደ 1.9 ሜትር ይሆናል። በዚያ ላይ 4 ሜትርህ ሁለት ደረጃ ነው፤ በዓይን አይታይም፣ ሞዴሉም አያየውም። አንተ የምትፈልገው ከ50 እስከ 110 ሜትር ያለውን ነው። እዚያ ቁረጠው፤ ርቀቱንም በቀጥታ ሳይሆን 1 ሲካፈል ለርቀቱ አድርገህ ጻፈው፣ ጥልቀት ገማቾቹ የሚያወጡት ከዚያ ጋር ስለሚቀራረብ።

```python
z = np.clip(z, 50, 110)
d = (1/z - 1/110) / (1/50 - 1/110)
img = (d * 255).astype("uint8")
```

በዚህ በ60 እና በ64 ሜትር መካከል 25 ደረጃ ልዩነት ይኖርሃል። 0.6 ሜትሩ መግቢያ ግን 4 ደረጃ ገደማ ነው የሚያገኘው፤ በእሱ ብዙ አትተማመን።

ምስሉን ስታስገባ ቅድመ-አዘጋጁን «ምንም» በሚለው ላይ አድርገው፤ አለዚያ ያዘጋጀኸውን የጥልቀት ምስል እንደ ፎቶ ቆጥሮ እንደገና ጥልቀት ሊገምትለት ይሞክራል።

---

የካርቶን_ሞዴል

ልጆቼ፣ እኔ የመጣሁት ከካርቶንና ከሙጫ ዘመን ስለሆነ ስለ ፕሮግራሙ አልናገርም። ስለ ፎቆቹ ግን ልበል። መስመር የሌለበት ሳጥን ሚዛን የለውም። ነጭ ካርቶን ሞዴል ጠረጴዛ ላይ ስናቆም ደንበኛው «ይህ ስንት ፎቅ ነው?» ይለን ነበር። ከወረቀት የተቆረጠ ሰው አጠገቡ ስናቆም ጥያቄው ይቀራል። 9 ሜትር የሆነውን ሳጥን ሁለት ፎቅ ብትሉትም ሦስት ፎቅ ብትሉትም ሁለቱም ያስኬዳል፤ ሳጥኑ ራሱ አይናገርም። ማሽኑስ ከየት ያውቃል?

---

ራሔል_ጥላ

ጋሼ፣ እኔ በአንድ ገጽ ልጽፈው የነበረውን በሁለት መስመር ጨረሱት። ጉዳዩ ልክ እንዲህ ነው።

የጥልቀት ምስል ርቀትን ወደ ነጭና ጥቁር ሲለውጥ ሜትሩ ይጠፋል። 42 ሜትር የሆነው ፊት በጥልቀቱ ላይ አንድ ወጥ ግራጫ አራት ማዕዘን ነው። ያ አራት ማዕዘን የ12 ፎቅ ታወር ሊሆን ይችላል፣ የ8 ፎቅም፣ የአንድ ቁም ሳጥንም። ስለዚህ ምሰሶ21 10 እና 14 ማግኘቱ የመሪው ድካም አይደለም፤ ፎቁን የሚነግረው ነገር ምስሉ ውስጥ ጨርሶ አልነበረም። ፕሮምፕቱ ላይ የተጻፈው «12»ም ቢሆን ደካማ ነው፤ እነዚህ ሞዴሎች ከጽሑፍ ላይ ቁጥርን አይተው እንደማይቆጥሩ የሞከረ ሁሉ አይቷል።

ፎቁን የሚናገረው መስመር ነው። ስለዚህ ሁለተኛ ኮንትሮልኔት ጨምር፤ የጠርዙን። ጥልቀቱ ግዝፈቱን ይይዛል፣ ጠርዙ ፎቁን።

---

ምሰሶ21

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ራሔል፣ ጥልቀቱን እንዳልሽው ከሞዴሉ አውጥቼ ታወሩ በትክክል ወደ ኋላ ገባ፤ ምጥጥኑ 2.97 ነው።

ጠርዙ ግን አልተሳካልኝም። በካኒ ሬንደሩን አሳለፍኩት። መጀመሪያ የታወሩና የፖዲየሙ መገናኛ መስመር አልወጣም። የብርሃኑን አቅጣጫ ስለውጠው ደግሞ ታወሩ ፖዲየሙ ጣሪያ ላይ የጣለው ጥላ እንደ መስመር ወጣ፤ ምስሉ ላይ እዚያ ቦታ ግንብ ተሠርቶልኝ አገኘሁ፣ እኔ ያልሳልኩት ግንብ።

---

ራሔል_ጥላ

ካኒ የብሩህነት ለውጥ ፈላጊ ነው እንጂ የሕንፃ ጠርዝ ፈላጊ አይደለም። ሁለት ፊቶች እኩል ግራጫ ከሆኑ በመካከላቸው ጠርዝ የለም ይላል፤ ጥላ ካለ ደግሞ ጠርዝ አለ ይላል። የገደቦቹን ቁጥር፣ 100 እና 200 የሚሉትን፣ እያወጣህ እያወረድክ ጊዜህን አትጨርስ፤ አንዱን ስታተርፍ ሌላውን ታጣለህ።

እዚህም መገመቱን ተወው። መስመሩን ከሞዴሉ አውጣ። ራይኖ ላይ ሜክ-ቱዲ፣ ስኬችአፕ ላይ የተደበቀ-መስመር ስታይል፣ ብሌንደር ላይ ፍሪስታይል ይሠራልሃል። ካሜራው ከጥልቀቱ ጋር አንድ መሆን አለበት፤ በፒክስል ልክ። ከዚያ በታወሩ ፊት ላይ 11 አግዳሚ የፎቅ መስመር ጨምር፣ በፖዲየሙ ላይ አንድ። መስመሩ ቀጭን ይሁን፣ ነጭ በጥቁር ላይ ይሁን። ብዙ ሰው ጥቁር በነጭ አውጥቶ ያስገባና ውጤቱ ተበላሸ ይላል።

መግቢያህንም እዚሁ ሳለው። በጥልቀቱ 4 ደረጃ ብቻ የነበረው ነገር በመስመር ግልጽ ይሆናል።

አሁን ስለ ክብደቱ፤ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። የጠርዝ መሪ ሲሠለጥን ያየው የጥንድ ምስል ነው፤ ፎቶውና ከፎቶው የወጡት መስመሮች። ፎቶው ላይ መስኮት ካለ መስመሩም አለ። ስለዚህ የተማረው «መስመር ያለበት ጠርዝ አለ» የሚለውን ብቻ አይደለም፤ «መስመር የሌለበት ባዶ ነው» የሚለውንም ተምሯል። የአንተ የፎቅ መስመሮች መካከል ግን መስኮት አልተሳለም። ጠርዙን በክብደት 1 እስከ መጨረሻው እርምጃ ካቆየኸው አሥራ ሁለት ባዶ ሰቆች ታገኛለህ፤ የተደራረበ ካርቶን ይመስላል። ስለዚህ ጠርዙ ቀለል ብሎ ይግባ፣ ቀድሞም ይውጣ። ግዝፈቱና የፎቁ ቦታ የሚወሰነው በመጀመሪያዎቹ እርምጃዎች ነው፤ መስኮቱና ማቴሪያሉ በኋላ ይመጣሉ።

```python
controlnet_conditioning_scale=[0.8, 0.5]
control_guidance_start=[0.0, 0.0]
control_guidance_end=[0.7, 0.45]
```

የመጀመሪያው ቁጥር ለጥልቀቱ፣ ሁለተኛው ለጠርዙ ነው። ከዚህ ጀምርና እያየህ አስተካክል። የፎቁ ቁጥር ከተዛባ የጠርዙን መውጫ ከ0.45 ወደ 0.6 ግፋው እንጂ ክብደቱን አትንካ። ፊቱ ባዶ ከሆነ ወደ 0.35 መልሰው።

---

ዳዊት_ሬንደር

መስመር ያለመኖሩ እንደ መመሪያ መቆጠሩን አላሰብኩትም ነበር። እኔ የምሠራው ባለ አንድና ባለ ሁለት ፎቅ ቤት ስለሆነ ለካ የፎቅ ቁጥር ሳይረብሸኝ የቆየው ለዚህ ነው። አንድ ነገር ግን ልጨምር፤ ከካኒ ይልቅ ቀጥታ መስመር ብቻ የሚያወጣው ኤምኤልኤስዲ ለሕንፃ አይሻልም?

---

ራሔል_ጥላ

ከፎቶ ስትነሳ ይሻላል፤ ዛፉንና ደመናውን ይተዋል። ከሞዴል ስትነሳ ግን መስመሩ ከመነሻው ንጹሕ ስለሆነ ጥቅሙ ይቀንሳል፣ የተጠማዘዘ ወይም ክብ ፊት ካለህም ጨርሶ ይጥለዋል። ሁለቱን ለማወዳደር ያለኝ ተሞክሮ ለቀጥታ ሳጥን ብቻ ነው።

---

ፀሐይ_ግቢ

እኔ የግቢና የአትክልት ንድፍ ነው የምሠራው። ችግሬ ተመሳሳይ ነው፤ የደረጃዎቼ ቁጥር ይለወጣል፣ መንገዱ ይሰፋል። ግን የምጠቀምበት አገልግሎት ድረ ገጽ ላይ ያለ ነው፤ ምስልና ጽሑፍ ብቻ ነው የሚቀበለው፣ ጥልቀት የሚገባበት ቦታ የለውም። ኮምፒውተሬም ይህን ሁሉ አይሸከምም። ለእኔ ምን ይሆናል?

---

ራሔል_ጥላ

እህቴ፣ በዚያ መንገድ እስከ መጨረሻው የሚጸና ነገር ልሰጥሽ አልችልም፤ ማቅለል ግን ይቻላል። የምታስገቢውን ምስል ከግራጫ አውጪው። ደረጃው አንድ ቀለም፣ መንገዱ ሌላ፣ ሣሩ ሌላ ይሁን፤ በፊቶች መካከል ያለው ልዩነት ሲበረታ ኖይዝ ውስጥ ዘግይቶ ነው የሚሰጥመው። በደረጃዎቹ ጫፍ ላይ ጥቁር መስመር ሳይባቸው። ጋሼ እንዳሉትም ሰው አቁሚበት፤ ሰው ካለ ሞዴሉ ስለ ሚዛን መያዣ ያገኛል። ከወጣ በኋላ ሬንደርሽን በላዩ ላይ ግማሽ ግልጽ አድርገሽ ደርቢና ተመልከቺ፤ የሸሸው ቦታ ያኔ ይለያል።

---

ፀሐይ_ግቢ

ቀለሙን ሞከርኩት። መንገዱ ቦታውን ያዘ። ደረጃው ግን 7 የነበረው 6 ሆኖ መጣ፣ በሁለተኛው ሙከራ 8። ምናልባት ደረጃውን ከሬንደሩ ቆርጬ መልሼ ልለጥፍበት።

---

ምሰሶ21

ውጤቱን ላስቀምጥ። ስድስት ሲድ ሞከርኩ። የታወሩ ምጥጥን በስድስቱም በ2.93 እና በ3.04 መካከል ነው። ፎቆቹ በአምስቱ 12 ናቸው። በአንዱ ላይ ግን ከላይ ያሉት ሁለት ፎቆች ተዋሕደው እንደ አንድ ረጅም ፎቅ ሆኑ፤ መስመሩ እዚያ አለ፣ ግን የመስታወት መጋጠሚያ አድርጎ ተርጉሞታል። መውጫውን ወደ 0.6 ስገፋው ተስተካከለ፣ መስኮቶቹ ግን ትንሽ ደረቅ አሉ። ፖዲየሙ በሁሉም ሁለት ፎቅ ነው፤ መግቢያውም ይታያል፣ ምንም እንኳ 0.6 ሜትር ይሁን 2 ሜትር ከምስሉ መለየት ባይቻልም።

የመስመሩን ምስል በወጣው ላይ ስደርበው ትልቁ መዛባት የታወሩ ቀኝ ጠርዝ ላይ 5 ፒክስል ነው።

---

ራሔል_ጥላ

5 ፒክስል ከአንድ የፍርግርግ ክፍል ያንሳል፤ እዚያ ላይ ተወው፣ ከዚህ በታች መታገሉ አያዋጣም። የተዋሐዱት ፎቆች ግን ሊያሳስቡህ ይገባል፤ ምጥጥኑ ትክክል ሆኖ ትርጉሙ ስሕተት የሆነበት ቦታ ነውና በመደረብ አይያዝም። ለደንበኛ ከመላክህ በፊት ፎቁን በጣትህ ቁጠር።

---

ምሰሶ21

እቆጥራለሁ። አሁን የቀረኝ ይህ ነው፦ ያንኑ ሕንፃ ከጎን በኩል ላሳይ ብዬ ጥልቀትና መስመር ከሁለተኛ ካሜራ አወጣሁ። ግዝፈቱም ፎቁም ትክክል ነው፤ ነገር ግን በመጀመሪያው ምስል ጡብ የነበረው ግድግዳ በሁለተኛው ኮንክሪት ሆኗል፣ የመስኮቱም ክፍፍል ሌላ ነው። ሲዱና ፕሮምፕቱ አንድ ናቸው።

---

ራሔል_ጥላ

ሲድ አንድ መሆኑ አይጠቅምህም፤ ካሜራው ሲለወጥ ያ ኖይዝ የሚያርፈው ሌላ ግድግዳ ላይ ነው። ጥልቀትና ጠርዝ የሚይዙት ቅርጽን ብቻ ስለሆነ ጡቡን የሚሸከም ነገር በሁለቱ ምስሎች መካከል የለም። እኔ የመስኮቱን ክፍፍል ሞዴሉ ላይ ራሱ እስላለሁ፤ ያ የመስኮቱን ችግር ይፈታል። ማቴሪያሉን ግን እስካሁን በአጥጋቢ መንገድ አልያዝኩትም።

---

የካርቶን_ሞዴል

መስኮቱን ሞዴሉ ላይ ከሳላችሁ፣ ልጄ፣ ያን ጊዜ የፋሳዱን ውሳኔ የወሰናችሁት እናንተ ናችሁ ማለት ነው። እኔ በዚያ ደስ ይለኛል። ማቴሪያሉንም ሳጥኑ ላይ ቀለም ቀብታችሁ ብትጀምሩስ?

---

ምሰሶ21

ጋሼ፣ ዛሬ ማታ በሁለቱም ካሜራ ግድግዳውን የጡብ ቀለም ቀብቼ፣ ከጥልቀቱና ከጠርዙ ጋር ምስል-ከምስልን በ`strength` 0.85 መልሼ እሞክረዋለሁ። ሁለቱንም ምስል ነገ እዚሁ አስቀምጣለሁ።